50 ሚሊአምፒር አስልታችሁ 29 ስታገኙ፦ የተከታታይ አርኤልሲ ሰርኪዩት አሠራር

አዳማ ውስጥ የምህንድስና ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ተለዋዋጭ ከረንት ላይ ስንደርስ አንድ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ተማሪው ሬዚስተር፣ ኢንዳክተርና ካፓሲተር በተከታታይ ያያይዛል። ሬዞናንስ ላይ 50 ሚሊአምፒር ያልፋል ብሎ በወረቀት ያሰላል። ኦሲሎስኮፑ ግን 29 ብቻ ያሳየዋል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ በዕቃው ላይ ይለጠፋል። «ጋሼ፣ ኮይሉ ተቃጥሏል መሰለኝ» ይሉኛል። «ሙቀቱ ነው» የሚልም አይጠፋም፤ አዳማ ነዋ!

ኮይሉ አልተቃጠለም። ሙቀቱም ንጹሕ ነው። የመዳብ ሽቦ ሬዚስታንስ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.4 በመቶ ገደማ ነው የሚጨምረው። ክፍሉ ከ25 ወደ 35 ዲግሪ ቢሞቅ፣ 20 ኦም የነበረው ኮይል 20.8 ቢሆን ነው። ይህ 50ን ወደ 29 አያወርድም። የጠፋው ከረንት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ አንድ ሰርኪዩት ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሂድበት።

1. ከማስላታችሁ በፊት ዕቃውን እወቁ

የምንሠራበት ሰርኪዩት ይህ ነው፦ 100 ኦም ሬዚስተር፣ 10 ሚሊሄንሪ ኢንዳክተር፣ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር። ምንጩ ፈንክሽን ጀነሬተር ነው፤ ሳይን ሞገድ፣ አምፕሊቲውዱ 5 ቮልት። አምፕሊቲውድ ማለት ከዜሮ እስከ ጫፍ ያለው ነው። ጀነሬተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቃችሁ `Vpp` ነው፤ ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ማለት ነው። ስለዚህ 10 `Vpp` ብላችሁ ሙሉ።

ካፓሲተሩ ላይ 104 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 10 ላይ አራት ዜሮ ጨምሩበት፤ 100,000 ፒኮፋራድ፣ ማለትም 100 ናኖፋራድ ይሆናል። ከቁጥሩ ጎን K ካለ፣ ዋጋው 10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። J ከሆነ 5 በመቶ ነው። ይህቺን ፊደል መዝግቡ፣ መጨረሻ ላይ ትፈለጋለች።

አሁን ኢንዳክተሩን በመልቲሜትር ኦም ላይ ለኩት። ኢንዳክተር ማለት የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሽቦ ደግሞ ሬዚስታንስ አለው። የእኛው 20 ኦም አሳየ እንበል። ከአሮጌ ራዲዮ ቦርድ የተነቀለ ኮይል ከያዛችሁ ቁጥሩ ከዚህ በጣም ሊለይ ስለሚችል፣ በግምት አትለፉት።

ሦስተኛው ነገር በዓይን አይታይም። ፈንክሽን ጀነሬተር በውስጡ የራሱ ሬዚስታንስ አለው፤ በብዛት 50 ኦም ነው። መውጫው አጠገብ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከረንቱ በዚያም ውስጥ ማለፉ አይቀርም።

እንግዲህ መንገዱ ላይ ያለው ሬዚስታንስ 100 ብቻ አይደለም። 100 ሲደመር 20 ሲደመር 50፣ በድምሩ 170 ኦም ነው። ከዚህ በኋላ ቀመር ውስጥ R ስል ይህንን 170 ማለቴ ነው።

2. የሬዞናንስ ፍሪኩዌንሲውን አስሉ

ኢንዳክተር ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር ይበልጥ ይከለክላል። ካፓሲተር ደግሞ በተቃራኒው፣ ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር ይለቃል። ይህ ክልከላቸው ሪአክታንስ ይባላል፦

```
XL = 2πfL
XC = 1 / (2πfC)
```

የሁለቱ ነገር ገመድ ጉተታ ነው፤ የሚጎትቱት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ ውጤቱ ልዩነታቸው ነው። እኩል ሲሆኑ ይጣፋሉ፤ ያ ፍሪኩዌንሲ ሬዞናንስ ነው።

```
f0 = 1 / (2π√(LC))
```

L 0.01 ሄንሪ፣ C 0.0000001 ፋራድ ነው። የሁለቱ ብዜት ስኩዌር ሩት 0.0000316 ይመጣል። f0 እንግዲህ 5033 ኸርዝ ነው።

ካልኩሌተር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅንፍ ላይ ነው። 1/2π√LC ብሎ ያለ ቅንፍ የመታ ሰው መልሱ ከዜሮ ብዙም የማይርቅ ቁጥር ይሆንበታል። ለማመሳከሪያ እኔ የምጠቀምባት አቋራጭ አለች። L በሚሊሄንሪ፣ C በናኖፋራድ ይሁን። ሁለቱን አባዙ፣ ስኩዌር ሩት አውጡ፣ 159.2ን ለውጤቱ አካፍሉ። መልሱ በኪሎኸርዝ ይመጣል። 10 በ100 ሲባዛ 1000፣ ስኩዌር ሩቱ 31.62፣ 159.2 ለዚያ ሲካፈል 5.03። ተገናኘን። ዜሮ መቁጠር የሚያደክመው ሰው ይቺን ይያዝ።

ልብ በሉ፣ f0 ውስጥ R የለም። 100 ኦሙን በ1000 ኦም ብትቀይሩት የሬዞናንሱ ቦታ አይነቃነቅም። የሚቀየረው የከረንቱ መጠንና ከረንቱ ሬዞናንስ አካባቢ የሚሠራው ጉብታ ስፋት ነው።

3. ኢምፒዳንሱን፣ ከዚያ ከረንቱን አስሉ

ኢምፒዳንስ ሰርኪዩቱ በጠቅላላ ከረንትን የሚከለክልበት መጠን ነው። መለኪያው ኦም ነው። ሦስቱን ግን ዝም ብላችሁ አትደምሩም፦

```
Z  = √(R² + (XL − XC)²)
I0 = V0 / Z
```

ከሬዞናንስ በታች ያለ ፍሪኩዌንሲ እንውሰድ፣ 4000 ኸርዝ። XL 251.3 ኦም ይሆናል። XC 397.9 ኦም ነው። ልዩነታቸው 146.6፣ የበለጠው ካፓሲተሩ ነው። Z የ170 ካሬና የ146.6 ካሬ ተደምረው ስኩዌር ሩታቸው ሲወጣ 224.5 ኦም ነው። 5 ቮልት ለ224.5 ሲካፈል 22.3 ሚሊአምፒር ይሰጣል። ሦስቱን ዝም ብሎ የደመረ ሰው 819 ኦም ላይ ይደርሳል፤ ከረንቱም 6 ሚሊአምፒር ብቻ ይሆንበታል። በወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን መደመር ነው።

ካፓሲተሩ ስለበለጠ ከረንቱ ከቮልቴጁ ይቀድማል። በስንት? የ146.6 እና የ170 ሬሾ ታንጀንቱ የሆነውን አንግል ፈልጉ፤ 40.8 ዲግሪ ነው።

አሁን ሬዞናንስ ላይ፣ 5033 ኸርዝ። XL እና XC ሁለቱም 316.2 ኦም ናቸው፤ ልዩነታቸው ዜሮ። Z ራሱ R ብቻ ሆነ፣ 170 ኦም። ከረንቱ 5 ለ170፣ 29.4 ሚሊአምፒር። የተማሪው 50 የመጣው 5ን ለ100 አካፍሎ ነው። 20ውንና 50ውን ረስቷል።

የሚገርመው፣ ያው ስህተት ከሬዞናንስ ስንርቅ ያን ያህል አይታይም። 4000 ኸርዝ ላይ በ100 ኦም ብቻ ብናሰላ 28.2 እናገኛለን፣ በ170 ደግሞ 22.3። ከፍ ብሎ 20 ኪሎኸርዝ ላይ ብትወጡ XL ብቻውን 1257 ኦም ስለሚሆን፣ 100ም በሉት 170 ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሬዞናንስ ላይ ግን ከR በቀር የሚከለክል ነገር የለም። የረሳችኋት እያንዳንዷ ኦም እዚያ ትቆጠራለች።

ከላይ በኩል ደግሞ 6000 ኸርዝ ላይ XL 377.0፣ XC 265.3 ነው። Z 203.4፣ ከረንቱ 24.6 ሚሊአምፒር። እዚህ ኢንዳክተሩ በልጧል፣ ከረንቱ ከቮልቴጁ ይዘገያል። 4000 እና 6000 ከ5033 በግምት እኩል ርቀት ላይ ሆነው ከረንታቸው እኩል አለመሆኑ አያስደንግጣችሁ። የ4000 እኩያ የሚገኘው 5033ን በካሬ አድርገን ለ4000 ስናካፍል ነው፤ 6333 ኸርዝ። እዚያ ላይ ከረንቱ ተመልሶ 22.3 ይሆናል።

4. ግጠሙት፣ ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቁ

ለሰርኪዩቱ ራሱ የዕቃው ቅደም ተከተል ለውጥ የለውም። ለኦሲሎስኮፑ ግን አለው። የስኮፑ ሁለት ፕሮቦች የመሬት መቆንጠጫ በውስጥ አንድ ላይ የተገናኘ ነው። አንዱን መሬት ላይ፣ ሌላውን በሰርኪዩቱ መካከል ብትቆነጥጡ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ዕቃ ከጨዋታ ውጪ ሆነ ማለት ነው። በሽቦ አገናኛችሁታል። ብዙውን ጊዜ የሚቃጠል ነገር ስለሌለ አትነቁበትም። ከረንቱ ብቻ እንግዳ ይሆናል።

ስለዚህ እንዲህ ግጠሙ፦ ከጀነሬተሩ ቀይ ሽቦ ወደ ኢንዳክተር፣ ከኢንዳክተር ወደ ካፓሲተር፣ ከካፓሲተር ወደ 100 ኦም ሬዚስተር፣ ከሬዚስተር ወደ ጀነሬተሩ ጥቁር ሽቦ። ሬዚስተሩ መጨረሻ ላይ፣ መሬት በኩል መሆን አለበት። ሁለቱም መቆንጠጫዎች ጥቁሩ ሽቦ ላይ ይሁኑ። `CH1` ጀነሬተሩ መውጫ ላይ፣ `CH2` ካፓሲተሩና ሬዚስተሩ የተገናኙበት ነጥብ ላይ።

`CH2` የሚያሳየው ቮልቴጅ የከረንቱ ምስል ነው። ለ100 ኦም አካፍሉት፣ ከረንቱ ይኸው። 1 ቮልት ካያችሁ 10 ሚሊአምፒር ነው።

መልቲሜትሩን እዚህ ጋ ብትተዉት ይሻላል። ርካሾቹ ቴስተሮች ተለዋዋጭ ቮልቴጅን በትክክል የሚለኩት እስከ 400 ኸርዝ ገደማ ነው። 5 ኪሎኸርዝ ላይ የሚሰጧችሁን ቁጥር ማመን ይከብዳል። ደህና ሜትር ቢኖራችሁም የሚያሳየው አምፕሊቲውድን ሳይሆን አርኤምኤስን ነው። 2.94 ቮልት አምፕሊቲውድ በሜትር 2.08 ሆኖ ይነበባል። ሁለቱን ካምታታችሁ ደግሞ ሌላ «የጠፋ ከረንት» ፍለጋ ልትገቡ ነው።

5. ሬዞናንሱን ፈልጉ

ብዙ ሰው የሚያደርገው ፍሪኩዌንሲውን እየቀየረ `CH2` ከፍ የሚልበትን ቦታ መፈለግ ነው። ይሠራል፣ ግን ለዚህ ሰርኪዩት ደካማ ዘዴ ነው። ምክንያቱን ስሌቱ ይነግረናል። የጉብታው ስፋት የሚገኘው R ለ2πL ሲካፈል ነው፤ 170 ለ0.0628፣ 2700 ኸርዝ ገደማ። ጉብታው በጣም ሰፊ ነው። አናቱ ላይ 100 ኸርዝ ወዲህ ወዲያ ብትሉ ከረንቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይቀንስም። ዓይን ይህንን አይለይም።

የተሻለው መንገድ ስኮፑን `XY` ላይ ማድረግ ነው። ስክሪኑ ላይ ያጋደለ እንቁላል መሰል ቅርጽ ይመጣል። ወደ ሬዞናንስ ስትጠጉ እየቀጠነ ይሄዳል። ቮልቴጁና ከረንቱ አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ቅርጹ አንድ ያጋደለ መስመር ይሆናል። መስመሩ በተዘጋበት ፍሪኩዌንሲ ላይ አቁሙ። ትንሽ ብታልፉት ወዲያው ተከፍቶ ያጋልጣችኋል። ስኮፑ `XY` ከሌለው ሁለቱን ሞገዶች አንድ ላይ አድርጉና ዜሮውን እኩል የሚያቋርጡበትን ቦታ ፈልጉ።

6. አሁን ከረንቱን አንብቡ

መስመሩ ተዘግቷል። ወደ ተለመደው እይታ ተመለሱና ሁለቱንም ቻናል አንብቡ። `CH2` ላይ 2.94 ቮልት አካባቢ ታያላችሁ። 29.4 ሚሊአምፒር ማለት ነው።

`CH1`ን ደግሞ እዩት። 5 ቮልት አይደለም፤ 3.53 ገደማ ነው። የቀረው 1.47 ቮልት በጀነሬተሩ ውስጥ ባለው 50 ኦም ላይ ወድቋል። ፍሪኩዌንሲውን ከሬዞናንስ ብታርቁት `CH1` መልሶ ወደ 5 ከፍ ይላል። የጀነሬተሩ ስክሪን ግን ሁልጊዜ ያው የሞላችሁትን 10 `Vpp` ነው የሚያሳየው። መውጫው ላይ ያለውን አይለካም፣ የታዘዘውን ይደግማል።

ልኬቱ ከስሌቱ ትንሽ ቢያንስ ጥሩ መረጃ ነው። `CH1` 3.56፣ `CH2` 2.88 ቮልት ሆኑ እንበል። ከረንቱ 28.8 ሚሊአምፒር ነው። 3.56ን ለ0.0288 ስናካፍል 123.6 ኦም እናገኛለን፤ ከዚህ ውስጥ 100ው የሬዚስተሩ ነው። ኮይሉ ስለዚህ በመልቲሜትር 20 ቢያሳይም 5 ኪሎኸርዝ ላይ ወደ 24 ኦም ይሠራል ማለት ነው። እምብርት ያላቸው ኮይሎች እንዲህ ናቸው፤ እምብርቱ በተለዋዋጭ ከረንት ጥቂት ኃይል ይበላል።

ከረንቱ ከጠበቃችሁት እጥፍ፣ 59 ሚሊአምፒር ገደማ ከሆነ ደግሞ የጀነሬተሩን የሎድ ምርጫ እዩ። ዲጂታሎቹ `50 Ω` ወይም `High Z` የሚል ምርጫ አላቸው። `50 Ω` ላይ ከሆነ፣ መውጫው ላይ ሌላ 50 ኦም ተሰክቷል ብሎ ያስባል፤ ባዶውን የሚያወጣው ቮልቴጅ ስክሪኑ ላይ ካለው እጥፍ ነው። `High Z` ላይ አድርጉት። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዶቹ ወደ ፋብሪካ ምርጫቸው ስለሚመለሱ፣ ከእያንዳንዱ መቋረጥ በኋላ ይህቺን ደግማችሁ እዩ።

7. ካፓሲተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ሳታዩ አትሂዱ

ካፓሲተሩንና ሬዚስተሩን ቦታ አቀያይሩ፤ አሁን መሬት በኩል ያለው ካፓሲተሩ ነው። `CH2` 9.3 ቮልት ያሳያል። ምንጩ 5 ቮልት፣ ካፓሲተሩ 9.3! 29.4 ሚሊአምፒር በ316.2 ኦም ሲባዛ በትክክል ያን ይሰጣል። ኢንዳክተሩም ላይ ተመሳሳይ ቮልቴጅ አለ፣ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ ሁለቱ ይጣፋሉ። R ባነሰ ቁጥር ይህ ቮልቴጅ ያድጋል።

ለዚህም ነው ይህንን ሰርኪዩት ወደ ሶኬት አታስጠጉ የምለው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ አምፕሊቲውዱ 311 ቮልት። 1 ሄንሪ ኮይልና 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 50 ኸርዝ አካባቢ ይሬዞናሉ። ጠቅላላ R 50 ኦም ቢሆን 6.2 አምፒር ያልፋል፤ ካፓሲተሩ ላይ ደግሞ ወደ 1970 ቮልት ይወጣል። «400 ቮልት ይችላል» ተብሎ የተገዛው ካፓሲተር ይፈነዳል፤ ሰው የነካው እንደሆነ ደግሞ ይገድላል። ሙከራው በጀነሬተር ብቻ ይሁን።

8. ሬዞናንሱ ሌላ ቦታ ከተገኘ

5033 አስልታችሁ መስመሩ 4800 ላይ ቢዘጋ ምንም አልተበላሸም። ያቺ ካፓሲተሩ ላይ የመዘገባችኋት K ፊደል ናት። ዋጋው 10 በመቶ ከፍ ቢል፣ 110 ናኖፋራድ፣ ሬዞናንሱ 4799 ኸርዝ ይሆናል። 10 በመቶ ዝቅ ቢል 5305። ኮይሉም የራሱ ስህተት ስላለው ከዚህ ትንሽ ብትወጡም አትደንግጡ።

ካፓሲተር የሚለካ መልቲሜትር ካገኛችሁ ካፓሲተሩን ነቅላችሁ ለኩትና ቀመሩን ገልብጡት፦

```
L = 1 / (4π²·f0²·C)
```

ካፓሲተሩ 104 ናኖፋራድ ቢያሳይና ሬዞናንሱ 4800 ኸርዝ ላይ ቢገኝ፣ ኮይላችሁ 10.6 ሚሊሄንሪ ነው። ከዚያ በኋላ የ4000ውንና የ6000ውን ስሌት በእነዚህ በተለኩት ቁጥሮች ድገሙት።

ሬዞናንሱ 2 ወይም 15 ኪሎኸርዝ ላይ ከተገኘ ግን ጉዳዩ የመቶኛ አይደለም። ካፓሲተሩን አውጥታችሁ ቁጥሩን እንደገና አንብቡ። 103 ቢሆን፣ 10 ናኖፋራድ ስለሆነ፣ ሬዞናንሱ 15.9 ኪሎኸርዝ ላይ ነው የሚገኘው። 3ን ከ4 ለመለየት የስልክ ካሜራ ዙም ከዓይን ይሻላል።